ካልዲን ያየው ማን ነው? የመረጃ ምንጮችን ደረጃ የመለየትና የመመዘን አሠራር

የእህቴ ልጅ «ቡና የት፣ መቼ፣ በማን ተገኘ?» የሚል የትምህርት ቤት ሥራ ይዛ ቤቴ መጣች። ጅማ ተወልዶ ላደገ ልጅ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ያለ አይመስልም። ሰባት ምንጭ አሰባስባ ነበር፤ ሰባቱም ካልዲ የሚባል እረኛ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን እንዳገኘ ይተርካሉ። «አጎቴ፣ ሰባት ምንጭ ከተስማማ እውነት ነው ማለት አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት ምሽት አብረን ተቀምጠን ሰባቱን ምንጮች አንድ በአንድ መረመርናቸው። የሄድንበትን መንገድ እንደ ቅደም ተከተሉ እነሆ፤ ጥያቄው ሌላ ቢሆንም በዚሁ መንገድ መሄድ ይቻላል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ «ደረጃ»

በእኛ ከተማ «ደረጃ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የቡና ደረጃ ነው። ደረጃ 1 የተመረጠ ነው፤ ጅማ 5 ከዚያ ብዙ ዝቅ ይላል። በዚህ ልማድ የምንጭ ደረጃንም የምናነብ ከሆነ ገና ከጅምሩ እንሳሳታለን። በምንጭ ላይ ቁጥሩ ርቀትን እንጂ ጥራትን አይናገርም። ጸሐፊው ከነገሩ ስንት እጅ እንደራቀ ይነግረናል፣ ያ ብቻ ነው።

አንደኛ ደረጃ ምንጭ ከነገሩ ከራሱ የወጣ ነው። ለምሳሌ ገበሬው ቀይ ቡና ሲያስረክብ የተቆረጠለት ደረሰኝ፣ ተጓዡ ያየውን ዕለቱን የጻፈበት ማስታወሻ፣ ተመራማሪው ራሱ ለክቶ ያወጣው ውጤት። ሁለተኛ ደረጃ ምንጭ እነዚህን ሰብስቦ፣ አወዳድሮ፣ ተንትኖ የሚጽፍ ሰው ሥራ ነው። የአሥር ዓመት ደረሰኞችን ይዞ የዋጋ ታሪክ የሚጽፍ አጥኚ እዚህ ይመደባል። ሦስተኛ ደረጃ ምንጭ ደግሞ የአጥኚዎችን ሥራ አሳጥሮ የሚያቀርብ ነው፦ መዝገበ ዕውቀት፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የጎብኚዎች በራሪ ወረቀት። የተጭበረበረ ደረሰኝ አንደኛ ደረጃ ምንጭነቱ አይቀርም፤ በጥንቃቄ የተዘጋጀ መዝገበ ዕውቀትም ሦስተኛ ደረጃ ሆኖ ሳለ ትክክል ሊሆን ይችላል። ደረጃውን መለየት የመመዘኑ መነሻ ነው፤ ሚዛኑ ግን ገና አልተነሣም።

እርምጃ አንድ፦ ጥያቄውን ሰነጣጥቁት

አንድ ወረቀት በተፈጥሮው አንደኛ ወይም ሦስተኛ ደረጃ ብሎ ነገር የለም። ደረጃውን የሚሰጠው የምትጠይቁት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ምንጭ ከመክፈታችሁ በፊት ጥያቄውን ከፋፍሉት። የልጅቱ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተሸሽገው አገኘን፦

ሀ. የአረቢካ ቡና ተክል መነሻው የት ነው?
ለ. ካልዲ የሚባል እረኛ ቡናን አግኝቷል?
ሐ. በጅማ ዞን የሚኖሩ ሰዎች ስለ ቡና አመጣጥ ዛሬ ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው የተክል ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የታሪክ፣ ሦስተኛው የትውፊት። በጎማ ወረዳ ጮጬ የቡና መገኛ ናት ብሎ የሚያስጎበኝ በራሪ ወረቀት አስቡ። ለጥያቄ ለ ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ ከእረኛው በሺህ ዓመት ይርቃል። ለጥያቄ ሐ ግን አንደኛ ደረጃ ምንጭ ነው፤ በዚህ ዘመን እዚህ አካባቢ የሚነገረውን በቀጥታ ይዟል። ያው አንድ ወረቀት ነው። ይህን ሳይለዩ ምንጭ መደርደር የጀመሩ ሰዎች መጨረሻ ላይ ተክሉን በተረት፣ ተረቱን በተክል ሲያረጋግጡ ይገኛሉ።

እርምጃ ሁለት፦ አራት ዓምድ አስምሩ

በደብተር ገጽ ላይ አራት ዓምድ አስምሩና ለእያንዳንዱ ምንጭ ሙሏቸው። ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? የሚናገረው ነገር የሆነው መቼ ነው? ይህን እንዴት አወቀ? ሦስቱ ዓምዶች ቶሎ ይሞላሉ። አራተኛው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል፣ ባዶነቱም ራሱ መረጃ ነው። ልጅቱ ካመጣቻቸው ሰባት ምንጮች ውስጥ በአምስቱ አራተኛው ዓምድ ላይ የሚጻፍ ምንም አላገኘንም። «እንደሚታወቀው» ወይም «አፈ ታሪክ እንደሚያስረዳው» ብለው ይጀምሩና ከዚያ በኋላ እንደተረጋገጠ ታሪክ ይቀጥላሉ።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓምድ ስታነጻጽሩ የዘመን አቆጣጠር ስሕተት እንዳይገባ ተጠንቀቁ። የእኛና የአውሮፓውያን አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያሉ። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገለጽ የተቀዳ ቁጥር አንድ ክስተትን በሁለት የተለያዩ ዓመታት የተፈጸመ ያስመስለዋል፤ ሁለት ምንጮችም ሳይጋጩ የተጋጩ ይመስላሉ።

እርምጃ ሦስት፦ ወደ ምንጩ ሽቅብ ውጡ

የሥራው እምብርት እዚህ ነው፤ ሦስት ምሽት የፈጀብንም ይኸው ነው። እያንዳንዱን ምንጭ «ይህን ማን ነገረህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሰጠ ወደተጠቀሰው ሂዱና ያንኑ ጥያቄ ድገሙ። የጠቀሰው ከሌለ የአባባሉን ቅርጽ ያዙ። ሁለት ጽሑፎች ያንኑ ዝርዝር በዚያው ቅደም ተከተል፣ አንዳንዴም በዚያው ስሕተት የሚያቀርቡ ከሆነ አንዱ ከሌላው ቀድቷል፣ ወይም ሁለቱም ከአንድ ሦስተኛ ጽሑፍ ቀድተዋል።

የእኛ ሰባት ምንጮች ወዴት አመሩ? አራቱ እርስ በርስ እየተቀዳዱ ወደ አንድ የእንግሊዝኛ የቡና መጽሐፍ ይወጣሉ፤ ዊልያም ኡከርስ የተባለ አሜሪካዊ በ1922 ያሳተመው ነው። ይህ መጽሐፍ ስለ ቡና የተጻፈውን ሁሉ ለመሰብሰብ የተነሣ ትልቅ ጥራዝ ሲሆን ካልዲ በስሙ ተጠርቶ፣ ከሚጨፍሩ ፍየሎቹ ጋር በሥዕል ጭምር ይገኝበታል። ኡከርስ ግን የራሱን ምስክርነት አልሰጠም፤ አፈ ታሪክ ብሎ ነው ያቀረበው። ቀሪዎቹ ሦስቱ ምንጭ ባይጠቅሱም ያንኑ ታሪክ በዚያው ቅደም ተከተል ይተርካሉ።

ከኡከርስ ሽቅብ ስንወጣ ፋውስቶስ ናይሮን ዘንድ ደረስን። የሊባኖስ ካቶሊክ ወገን የሆነ ማሮናዊ ክርስቲያን ነው፤ በ1671 ሮም ውስጥ ስለ ቡና መጠጥ በላቲን አንድ ትንሽ ድርሰት አሳትሟል። የእረኛው ታሪክ እስካሁን በሚታወቀው የመጀመሪያ የጽሑፍ መልኩ የሚገኘው እዚያ ነው። እኔ ላቲን ስለማላነብ በትርጉም ነው ያየሁት፤ ተርጓሚው አንድ ተጨማሪ እጅ ስለሆነ ደብተሩ ላይ እሱንም አሰፈርን። እዚያ ስንደርስ ልጅቱ ዝም ብላ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ካልዲ የሚል ስም የለም። ኢትዮጵያም የለችም፤ ታሪኩ የሚፈጸመው የመን ነው። እረኛው የግመል እረኛ ነው፣ ናይሮንም «ሌሎች እንደሚሉት ደግሞ የፍየል» የሚል ቃል ጣል ያደርጋል። እንስሳቱ ሌሊቱን እንቅልፍ ስላጡ እረኛው ወደ ገዳም ሄዶ ለመነኮሳት ይነግራል።

«ሌሎች እንደሚሉት» የምትለዋን ሐረግ በቀይ አሰመርንባት። ጸሐፊው ራሱ ሁለት የተለያየ ወሬ ሰምቶ አንዱን እንዳልመረጠ ትመሰክርበታለች። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቃላት፣ «ይባላል»፣ «ሰማሁ»፣ «እንደነገሩን»፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ መጀመሪያ የሚረግፉ ናቸው፤ ሦስተኛ ደረጃ ምንጭ ላይ ሲደርሱ አንዳቸውም የሉም። ሽቅብ መውጣት የሚያስፈልገውም ከሁሉ በላይ እነሱን ለማግኘት ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን እንደገና ሥሩ። ምንጮችን የምትቆጥሩት በቅጠል ሳይሆን በሥር ነው። ሰባት ቅጠል ነበረን፤ ስንከተላቸው የተገኘው ሥር አንድ ነው።

እርምጃ አራት፦ የደረሳችሁበትን መዝኑ

ብዙ ሰው ጥንታዊውን ጽሑፍ ሲያገኝ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ገና ነው። ናይሮን ለየትኛው ጥያቄ ነው አንደኛ ደረጃ ምንጭ የሚሆነው? በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ስለ ቡና ምን ይነገር እንደነበር ለማወቅ ከእሱ የተሻለ የለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነው ነገር ግን ምስክር ሊሆን አይችልም። ካልዲን 850 ላይ የሚያስቀምጡትን ብንቀበል በመካከል 821 ዓመት አለ። ዕድሜው ያረጀ መጽሐፍ ሁሉ ለነገሩ ቅርብ አይደለም፤ ቅርበት የሚለካው ከእኛ ወደ ኋላ ሳይሆን ከክስተቱ ወደ ፊት ነው።

ለመመዘን ሦስት ነገር ጠይቁ። ጸሐፊው አይቷል ወይስ ሰምቷል? በስንት ዓመት ልዩነት? ታሪኩ እንዲህ ቢሆን የሚጠቀም ሰው አለ? የመጨረሻው ጥያቄ እኛንም ይመለከታል። ጅማ ዞን ጮጬ አለች፤ ካፋ ደግሞ ማንኪራ አለች፤ ሁለቱም የቡና መገኛነትን ለራሳቸው ይላሉ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን የሚወጣ ወረቀት ሲገጥመን የጻፈውን እናከብራለን፤ የሚያሸንፍበትን ቃል ግን ለብቻው እንፈትሻለን።

አራተኛ መፈተኛም አለ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምተማመንበት እሱን ነው። ምንጮቹን በተጻፉበት ዘመን ደርድሩና ዝርዝሩ እየጨመረ ወይስ እየቀነሰ እንደሚሄድ ተመልከቱ። ለክስተቱ የቀረበ ሰው ብዙ ዝርዝር ቢያውቅ፣ የራቀ ደግሞ ቢያሳጥር የተለመደ ነው። ዝርዝሩ በዘመን እየራቀ ሲወፍር ግን አንድ ሰው መንገድ ላይ እየጨመረበት ነው።

የእኛን ደረደርን። ከናይሮን በፊት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አል-ጀዚሪ የሚባል የአረብ ጸሐፊ ስለ ቡና መጠጥ ጽፏል። ከእሱ ቀደም ያለ ኢብን ዓብድ አል-ገፋር የሚባል ሰው የጻፈውንም ይጠቅሳል። በዚህ ዘገባ የመን ውስጥ የሱፊ ሰዎች ሌሊት ለጸሎት ንቁ ሆነው ለማደር ቡና ይጠጡ ነበር። በሐበሻና በአካባቢው አገሮች ቡና መቼና እንዴት እንደጀመረ ግን አይታወቅም ይላል። ፍየል የለም፣ እረኛም የለም። በ1671 እረኛ መጣ፣ ስም ግን የለውም፤ አገሩም የመን ነው። በ1922 መጽሐፍ ካልዲ የሚል ስም ይዞ እናገኘዋለን። በዛሬዎቹ በራሪ ወረቀቶች ላይ ደግሞ ስሙ፣ ዓመቱ፣ አንዳንዴም መንደሩ ሳይቀር ተሟልቷል። ለነገሩ የቀረበው «አይታወቅም» ያለውን የራቀው በእርግጠኝነት ይናገራል። ልጅቱ ይህን ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ስታየው ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

አል-ጀዚሪ ራሱ ስንት ደረጃ ነው? ለሱፊዎቹ ጅማሮ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ የሌላ ሰው ቃል እየጠቀሰ ይጽፋል። ቢሆንም በዚህ ጥያቄ ላይ ከማንም በላይ እንመዝነዋለን፤ የጠቀሰውን ሰው ይሰይማል፣ ለዘመኑ ይቀርባል፣ የማያውቀውንም አላውቅም ይላል። ሁለተኛ ደረጃ ምንጭ ከሩቅ ወሬ ከያዘ ጥንታዊ ጽሑፍ የሚበልጥበት ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

እርምጃ አምስት፦ መጽሐፍ የማይመልሰውን ለተክሉ ተዉ

ጥያቄ ሀ የታሪክ ጸሐፊ የሚመልሰው አይደለም። እዚህ አንደኛ ደረጃ ምንጭ የሚሆነው ከደኑ ናሙና ወስዶ ዘረ መሉን ያነበበ ተመራማሪ ያወጣው ጽሑፍ ነው። ሚዛኑም ከታሪኩ በተለየ መንገድ ይሠራል።

ሁለት ጥናቶችን ውሰዱ። አረቢካ ቡና የሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች ድቅል ነው፤ ጥያቄው ድቅሉ መቼ ተፈጠረ የሚል ነው። በ2020 የወጣ የዘረ መል ጥናት ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ዓመት በፊት አለ። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ከ350 ሺህ እስከ 610 ሺህ ዓመት በፊት አለ። ሁለቱም አንደኛ ደረጃ ምንጭ ናቸው፤ ሁለቱም ራሳቸው ለክተዋል። ልዩነታቸው ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ዕድሜው የሚሰላው ለውጥ በየትውልዱ በምን ፍጥነት ይከማቻል ተብሎ ከሚወሰድ ግምት ስለሆነ፣ ግምቱና የሒሳቡ ዘዴ ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል። በሳይንስ አንድ አዲስ ጥናት አግኝቶ «አንደኛ ደረጃ ነው» ብሎ መደምደም የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ብዙ ጥናቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዘዴያቸውን የሚመረምር ሁለተኛ ደረጃ ጽሑፍ ካገኛችሁ ከአንዱ ነጠላ ጥናት አስቀድሙት።

የት የሚለው ጥያቄ ግን ከመቼው የተሻለ መሠረት አለው። የዱር አረቢካ ደን በዋናነት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው፤ ጥቂቱ በደቡብ ሱዳን ቦማ አምባ ላይ ይታያል። ከሌላው ዓለም ሁሉ የበለጠው የዘረ መል ስብጥርም በእኛው ደን ውስጥ ነው። አንድ ተክል ረጅም ዘመን በኖረበት ቦታ ብዙ ልዩነት ያከማቻል፤ ጥቂት ዘር ተወስዶ በተተከለበት ቦታ ልዩነቱ ይጠባል። በተለያዩ ተመራማሪዎች፣ በተለያየ ዘዴ የተሠሩ ጥናቶች በዚህ ላይ ይገናኛሉ። እዚህ ብዛት ዋጋ አለው፤ ሥሮቹ በእርግጥም ብዙ ናቸውና።

እርምጃ ስድስት፦ ሽማግሌ ስትጠይቁ

ለጥያቄ ሐ ወደ ሰው መሄድ ግድ ነው። አንድ አባት የሚነግሩን ቃል አንደኛ ደረጃ ምንጭ ነው፤ ግን የምን? በልጅነታቸው ያዩት የቡና ለቀማ ሲሆን የዓይን ምስክር ናቸው። ካልዲ ሲሆን የሰሙትን ያስተላልፋሉ። ልዩነቱን የምታወጡት «ይህን ከማን ሰሙት አባቴ?» በሚለው ጥያቄ ነው። «አያቴ ሲያወሩ» ቢሉ አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ አነበበልኝ» ቢሉ ደግሞ ሌላ። በሁለተኛው ጊዜ ትውፊት አገኘሁ ያላችሁት ያንኑ የ1922 መጽሐፍ ዞሮ መጥቶ ነው።

ካልዲ የሚለውን ስም እናንተ አስቀድማችሁ አትጥሩ። «ቡና እንዴት ተገኘ ይላሉ?» ብላችሁ ጀምሩና ስሙ በራሱ እስኪመጣ ጠብቁ። ሁለት ሰው ካላችሁ ለየብቻ ጠይቁ፤ አንድ ረከቦት ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ አንድ ታሪክ ይኖራቸዋል። ቃሉ በአፋን ኦሮሞ ከተነገረ በኦሮምኛው ጻፉትና ትርጉሙን ከሥሩ አድርጉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተርጓሚውን ማንነት ከላይ አስፍሩ።

እርምጃ ሰባት፦ ግሱን ከሚዛኑ ጋር አስተካክሉ

አማርኛ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቋንቋ ነው። «ነበረ»፣ «ጻፈ»፣ «ይባላል»፣ «ጥናቶች ያሳያሉ» የሚሉት እያንዳንዳቸው የተለያየ ክብደት ይሸከማሉ። ረቂቁን ስትጨርሱ ግሶቹን ብቻ አስምሩባቸውና ለእያንዳንዱ «ይህን ያህል እንድናገር የሚፈቅድልኝ የትኛው ሥር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥር ያላገኛችሁለትን «ነበረ» ወደ «ይባላል» ዝቅ አድርጉት። «ይባላል» ስትሉ ደግሞ ማን፣ መቼ እንዳለ ጨምሩ፤ ያለዚያ ለሚቀጥለው ቀጂ ባዶ አራተኛ ዓምድ ታወርሳላችሁ።

ልጅቱ በመጨረሻ ያስረከበችው አንቀጽ ይህ ነው፦

«የአረቢካ ቡና ተክል መነሻ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን አካባቢ መሆኑን በተለያየ ዘዴ የተሠሩ የዘረ መል ጥናቶች ያሳያሉ። ድቅሉ መቼ እንደተፈጠረ ግን ጥናቶቹ አይስማሙም። ፍሬውን መጀመሪያ ማን እንደተጠቀመበት የሚመሰክር የዘመኑ ጽሑፍ አላገኘሁም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል-ጀዚሪ የሚጠቅሰው ዘገባ በሐበሻ ምድር አጀማመሩ እንደማይታወቅ ይገልጻል። የእረኛው ታሪክ በጽሑፍ የሚታወቀው ከ1671 ጀምሮ ሲሆን በዚያ ጽሑፍ ታሪኩ የመን ውስጥ የሆነ ነው፤ እረኛውም ስም የለውም። ካልዲ የሚለውን ስም ያገኘሁት በ1922 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በዛሬው ጊዜ በጮጬም በማንኪራም ቡና የተገኘው እዚህ ነው ይባላል።»

መምህሯ ከአንቀጹ ጎን «ሰባቱ ምንጮች የት ሄዱ?» ብለው ጻፉባት። ባለ አራት ዓምዱን ገጽ ከደብተሩ ቀድታ አባሪ አድርጋ አስረከበች።